የሠርግ አዳራሽ ብሮሹር ዋና አንቀጽ አጻጻፍ፦ የሰው ብዛት፣ ምግብና ፎቶ

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሠርግ አዳራሽ የሚያከራዩ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች ብሮሹር ለማሳተም ሲነሡ ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ የምግብና የመጠጡ መስተንግዶ ምን እንደሚመስል፣ የፎቶና የቪዲዮ ፓኬጁም ምን እንደሚያካትት በአንድ አንቀጽ እንዴት ይጻፋል የሚል ነው። ይህ መመሪያ የሚመልሰው ያንን ጥያቄ ብቻ ነው። ስለ ሽፋኑ ሥዕል፣ ስለ አድራሻውና ስለ ካርታው አይናገርም።

ከመጻፍዎ በፊት አንቀጹ እንዴት እንደሚነበብ ይወቁ። የሙሽሮቹ ቤተሰብ ሁለት ሦስት አዳራሽ ዞረው ብሮሹሮቹን ይዘው ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ማታ ተሰብስበው ያስተያያሉ። በዚያ ሰዓት እርስዎ አጠገባቸው ሆነው የሚያብራሩት ነገር የለም፤ የሚናገርልዎ ወረቀቱ ብቻ ነው። ቀብድ ሊከፍሉ ሲመጡ ደግሞ ያንኑ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ «እዚህ ላይ ይይዛል ብላችኋል» ይላሉ። ስለዚህ ብሮሹሩ ላይ የሚያሰፍሩት እያንዳንዱ ቁጥር ውል ውስጥ ለማስገባት የማይፈሩት ቁጥር መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የተቀመጡት ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ረጅም የመለኪያ ሜትር፣ ቢቻል 30 ሜትር የሚደርስ፤ የአዳራሹ የሕንፃ ፕላን ካለ እርሱም።
- በሠርግ ቀን በእርግጥ የሚጠቀሙባቸው ጠረጴዛዎችና ወንበሮች፣ ከነልካቸውና ከነብዛታቸው።
- ከምግብ አዘጋጁ ጋር የተስማሙበት የምግብ ዝርዝርና የአንድ ሰው ዋጋ፣ ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ተለይቶ የተጻፈበት።
- ከፎቶ ቤቱ ጋር የተፈራረሙት ስምምነት።
- ባለፉት ሠርጎች ደንበኞች በስልክ ደጋግመው የጠየቋቸው ጥያቄዎች፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ወይም ስልክ የሚያነሣው ሰው በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ቁጭ ብለው ያጽፉት።
- ብሮሹሩ ላይ የሚወጡት ፎቶዎች ባለቤቶች የሰጡት የጽሑፍ ፈቃድ።

1. አዳራሹን ባዶውን ሳይሆን ተዘጋጅቶ ይለኩት

አብዛኛው ስሕተት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ባለቤቶች የወለሉን ስፋት ያውቃሉ፤ ስፋቱን ለሰው ያካፍሉና የሚያገኙትን ቁጥር ያትማሉ። ሠርግ የሚደገስበት አዳራሽ ግን ባዶ ወለል አይደለም። የሙሽሮች መድረክ፣ ቡፌ፣ መጨፈሪያ፣ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው የሚገቡበት መንገድና የሙዚቃው ቦታ ከወለሉ ላይ ይነሣሉ፤ ተጋባዥ የሚቀመጠው በተረፈው ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ድረስ እንከተል። አዳራሹ 30 ሜትር በ18 ሜትር ነው፤ ስፋቱ 540 ካሬ ሜትር ይሆናል። ባለቤቱ ለአንድ ሰው አንድ ካሬ ሜትር ያህል ይበቃል ብለው «500 ሰው ይይዛል» ብለው ጽፈዋል። አሁን የሚቀነሰውን እንቀንስ። የሙሽሮች መድረክ 9 ሜትር በ4 ሜትር ቢሆን 36 ካሬ ሜትር ይወስዳል። ሁለት የቡፌ መስመር፣ በሁለቱም ጎን ተሰልፎ ከሚያነሣው ሰው መቆሚያ ጋር፣ እያንዳንዳቸው 30፣ በድምሩ 60 ካሬ ሜትር ይፈልጋሉ። መጨፈሪያው 8 በ8 ቢሆን 64 ነው። ከበሩ እስከ መድረኩ የሚዘረጋው ምንጣፍ 2 ሜትር ስፋትና 26 ሜትር ርዝመት ካለው 52 ይሆናል። ለሙዚቃው 12 ካሬ ሜትር እንተው። ድምሩ 224 ነው፤ የቀረው 316 ካሬ ሜትር ብቻ ነው።

1.8 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጠረጴዛ 10 ሰው ያስቀምጣል። ነገር ግን ቦታው በጠረጴዛው አይለካም፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ይሳባል፣ አስተናጋጅም በመሐል ያልፋል። ከአንዱ ጠረጴዛ መሐል እስከ ሌላው መሐል 3.3 ሜትር ያህል ካልተተወ አስተናጋጁ ትሪ ይዞ ሊያልፍ አይችልም፤ ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ወደ 11 ካሬ ሜትር ይጠይቃል። 316ን ለ11 ስናካፍል 28 ጠረጴዛ ይወጣል፤ ይህም 280 ሰው ማለት ነው። በ500 እና በ280 መካከል ያለው ልዩነት ደንበኛው የሚያጋጥመው ጣጣ ነው።

ሒሳቡ ብቻውን አይበቃም። ጠረጴዛዎቹን በእርግጥ ይዘርጉና በእያንዳንዱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደ መድረኩ ይመልከቱ። በያዝነው ምሳሌ ሁለት ጠረጴዛዎች ከምሰሶ ጀርባ ቀሩ፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ሙሽሮቹን አያያቸውም። ሁለቱን አነሣናቸው፤ 26 ጠረጴዛ ቀረ። ስለዚህ ብሮሹሩ ላይ የሚታተመው ቁጥር 260 ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የመውጫ በሮችን ፊት በጠረጴዛ አይዝጉ፤ ወንበር ለመጨመር ሲባል የአደጋ ጊዜ መውጫን ፊት እንደ መቀመጫ ቦታ አይቁጠሩ። ይህ ቦታ በብሮሹር ላይ ባይታይም፣ ሰው በሚበዛበት ቀን ሕይወት የሚያተርፈው እርሱ ነው።

2. ሁለት ቁጥር ይኑርዎ፤ እያንዳንዱን ግን ከሥርዓቱ ጋር ያያይዙት

አዳራሽዎ ለቀለበት፣ ለምርቃት፣ ለስብሰባም ይከራይ ይሆናል። ወንበር ብቻ ተደርድሮ ጠረጴዛ ሳይዘረጋ የሚይዘው ሰው ይበዛል። በምሳሌያችን ቡፌውና መጨፈሪያው ቀርተው፣ መድረኩን፣ መንገዱን፣ ሙዚቃውንና ወንበር ብቻ ሲደረደር ለበሮቹ የሚተወውን 40 ካሬ ሜትር ስንቀንስ 400 ካሬ ሜትር ይተርፋል፤ ለአንድ ወንበር ከነመተላለፊያው 1 ካሬ ሜትር ብንሰጠው 400 ሰው ይሆናል። ሁለቱንም ቁጥር መጻፍ ይችላሉ። «እስከ 400 ሰው» ብሎ መተው ግን ለሠርግ የመጣውን ደንበኛ ያሳስተዋል፤ እርሱ የሚያስበው በማዕድ የተቀመጠውን ሰው ነው። አስቀድሞ የሠርጉ ቁጥር ይምጣ፤ ሌላው ቢያስፈልግ ብቻ ከኋላው ይከተል።

«እስከ» የምትለውን ቃል በተመለከተ፦ ደንበኞች «እስከ 260» የሚለውን ትንሽ ቢጨመርም የሚችል አድርገው ያነቡታል። «260 ተጋባዦችን አስቀምጦ ያስተናግዳል» ብለው ይጻፉ። በጥሪ ወረቀት ላይ «ከነባለቤትዎ» ተብሎ የተጠራ ሰው ልጆቹንም ይዞ እንደሚመጣ ስለሚታወቅ፣ ሕፃናት በቁጥሩ ውስጥ ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ የሚለውን በአንድ ሐረግ ግልጽ ያድርጉት። በእኔ አስተያየት ወንበር የሚይዝ ልጅ ሁሉ ሰው ተብሎ ቢቆጠር ይሻላል፤ ከወላጁ ጭን የማይወርደው ብቻ ይቅር።

3. ምግቡን በሰው ይክፈሉት፣ በማዕድም ይለዩት

ስለ ምግብ የሚጻፈው ዐረፍተ ነገር ለሦስት ዓይነት ተጋባዥ መልስ መስጠት አለበት። አንደኛው የፍስክ የሚበላው ነው። ሁለተኛው ጾመኛው ነው። ሦስተኛው ሙስሊሙ ተጋባዥ ነው። በአንድ ሠርግ ላይ ሦስቱም ይገኛሉ፤ ደጋሹ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጨነቀውም አንዱ ሳይበላ እንዳይሄድ ነው።

የጾሙን ጉዳይ በጥንቃቄ ይያዙት። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ተክሊል ስለማትፈጽም የኦርቶዶክሳውያን ሠርግ በአብዛኛው በጥር ከጥምቀት በኋላ እና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይበዛል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በዚያ ጊዜ የጾም ምግብ ፈላጊው ጥቂት ነው። በሌላው ጊዜ ግን ዝግጅቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ፣ ወይም የፕሮቴስታንት ወይም የሙስሊም ሠርግ በጾም ወቅት ከተደረገ፣ ከተጋባዡ ብዙው ጾመኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብሮሹሩ «የፍስክና የጾም» ብሎ በጅምላ ከሚያልፈው ይልቅ፣ የሁለቱ ድርሻ እንደ ቀኑ የሚስተካከል መሆኑን ቢገልጽ ደንበኛው የጥሪ ቀኑን ይዞ በቀጥታ ሊነጋገርዎ ይችላል።

የሙስሊም ምግብ እናቀርባለን የሚሉ ከሆነ፣ ሥጋው በሙስሊም አራጅ መታረዱንና በተለየ ዕቃ፣ በተለየ ማዕድ መቅረቡን ይጻፉ። እነዚህ ሁለቱ ካልተሟሉ አይጻፉት። ተጋባዡ ዕቃው አንድ መሆኑን ካየ አይበላም፤ ኀፍረቱም የደጋሹ ይሆናል።

የምግብ ዓይነቶችን ቁጥር ሲጽፉ ደግሞ ምን እንደቆጠሩ ያስታውቁ። «15 ዓይነት ምግብ» የሚል ብሮሹር በእጄ ገብቶ ዝርዝሩን ሳየው ሰላጣው፣ አይቡ፣ አዋዜውና ሚጥሚጣው ሁሉ በዓይነትነት ተቆጥረው ነበር። ደንበኛው ግን የቆጠረው ወጥና ጥብስ ነው። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን በስም ይጥሩ፦ ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ጥብስ፣ ክትፎ፤ ከጾሙ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ አተር ክክ። ማባያውና ሰላጣው «ከነማባያቸው» በሚል ቃል ይጠቃለላል። ቁርጥ የሚቀርብ ከሆነ ለብቻው ይጠቀስ፤ ብዙ ቤተሰብ አዳራሽ የሚመርጠው በእርሱ ነውና። ሥጋ ቆራጩ የአዳራሹ ሠራተኛ ይሁን ወይስ ደንበኛው የሚያመጣው፣ እርሱንም ይጨምሩ።

ቡፌው ስንት መስመር እንደሆነም መጻፍ ይጠቅማል። ምክንያቱም ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሁለት መስመር በሁለት በሁለት ጎን ቢነሣ አራት ሰልፍ ይሆናል፤ 260 ሰው ለአራት ሲካፈል በአንድ ሰልፍ 65 ሰው ነው። በየግማሽ ደቂቃው አንድ ሰው ሳህኑን ሞልቶ ቢወጣ የመጨረሻው ሰው በ33 ደቂቃ ገደማ ይበላል። በአንድ መስመር ብቻ ቢሆን ይህ ከአንድ ሰዓት ያልፋል፤ ወጡም ይቀዘቅዛል፣ የኋለኞቹም ክትፎ ያልቅባቸዋል። ሽማግሌዎችና እናቶች በተቀመጡበት የሚቀርብላቸው ከሆነም በብሮሹሩ ላይ ይግባ፤ ወረፋ እንደማይቆሙ ማወቅ ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ነው።

4. የመጠጡን ወሰን ይግለጹ

መጠጥ ላይ ጠብ የሚነሣው በአንድ ቃል ነው፤ «ያልተገደበ» በምትለው። ለደንበኛው እስከ ምሽት የማያልቅ ማለት ነው፤ ለአዳራሹ ግን ብዙ ጊዜ እስከ ተወሰነ ሰዓት ማለት ነው። ወሰኑን በሰዓት ወይም በሣጥን ይጻፉ። በሣጥን ከሆነ የቢራና የለስላሳ ሣጥን 24 ጠርሙስ መሆኑን ደንበኛው ስለሚያውቅ «ለ260 ሰው ይህን ያህል ሣጥን» ማለት በቂ ነው።

ቤተሰቡ ቤት የጠመቀውን ጠላ ወይም የጣለውን ጠጅ ማምጣት ይችል እንደሆነ ይጻፉ። ከውጭ ለሚገባ ውስኪና ወይን ክፍያ ካስከፈሉም ይህ ከሁሉ በፊት መታወቅ አለበት፤ በሠርጉ ቀን በር ላይ የተነገረ ክፍያ ደንበኛን ለዘለዓለም ያርቃል። መጠጥ አልባ ሠርግ ለሚያደርጉ ቤተሰቦች አልኮል የሌለበት ዋጋ ካለዎት በአንድ ሐረግ ይጠቁሙ።

5. ዋጋውን መጨረሻው ላይ እንደሚከፈለው አድርገው ይጻፉ

ለሒሳቡ እንዲመች ብቻ የአንድ ሰው ዋጋ 1,000 ብር ነው እንበል። በዚህ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከል 1,100 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር 1,265 ብር ይደርሳል። ልዩነቱ በአንድ ሰው 265 ብር ነው፤ በ260 ሰው ሲባዛ 68,900 ብር። ቤተሰቡ በ1,000 ብር አስልቶ ተበድሮና ቆጥቦ መጥቶ ይህንን በውሉ ቀን ሲሰማ፣ ብሮሹሩን እንደ ማታለያ ይቆጥረዋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያ ይከለክላል። ስለዚህ «ታክስና የአገልግሎት ክፍያን ጨምሮ» ብለው የመጨረሻውን ቁጥር ያስቀምጡ።

ዋጋ ቶሎ ቶሎ የሚለወጥብዎ ከሆነ ከብሮሹሩ አውጥተው በተለየ ወረቀት ያትሙት፤ ወይም ዋጋው የሚጸናበትን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ አብረው ይጻፉ። ከውጭ አገር ሆነው የሚከራዩ የዲያስፖራ ደንበኞች ካሉዎት ቀኑንም ሰዓቱንም «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ይበሉ፤ ከዋሽንግተን የሚደውል ሙሽራ «ከቀኑ 7 ሰዓት» የሚል ሲያነብ የትኛውን ሰዓት ማለትዎ እንደሆነ እንዳይጠራጠር።

6. ፎቶውን በአራት ጥያቄ ይመልሱ

የፎቶና የቪዲዮ ፓኬጅ በብሮሹር ላይ ብዙውን ጊዜ «ዘመናዊ»፣ «ጥራቱን የጠበቀ» በሚሉ ቃላት ይሞላል፤ ደንበኛው ግን ከእነዚህ ምንም አያገኝም። የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ስንት ባለሙያ ይመጣል፤ ከየት እስከ የት ይከተላል፤ በመጨረሻ በእጃችን ምን ይገባል፤ መቼ ይገባል።

«ከየት እስከ የት» የሚለው ዋነኛው ነው፤ የሠርግ ቀን የሚጀምረው ከአዳራሹ አይደለምና። ሙሽሪት ቤቷ ስታጌጥ፣ ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ፣ ሥርዓቱ በቤተ ክርስቲያን ወይም በማዘጋጃ ቤት ሲፈጸም፣ ከዚያ በመናፈሻ ፎቶ ሲነሡ፣ ከዚያ ነው አዳራሹ የሚመጣው። «የሠርግ ፎቶ በነፃ» የሚል ብሮሹር አንብቦ የተስማማ ቤተሰብ፣ ፎቶ አንሺው አዳራሹ በር ላይ እንደሚጠብቃቸው የሚያውቀው ያን ቀን ጠዋት ከሆነ፣ የሙሽሪት እናት ቤት የተደረገው ሁሉ ሳይነሣ ያልፋል፤ ያ ደግሞ አይደገምም። ስለዚህ ፓኬጁን በሁለት ብቻ ይክፈሉት፤ አንዱ በአዳራሽ ብቻ፣ ሌላው ከሙሽሪት ቤት ጀምሮ። መልሱ ይካተት አይካተት በግልጽ ይነገር። ከሁለት በላይ ፓኬጅ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ማስገባት አንባቢውን ያደናግረዋል፤ ሦስተኛው ካለ በቃል ይነገር።

«በእጃችን ምን ይገባል» ለሚለው የአልበሙን ስፋትና የገጽ ብዛት፣ የተስተካከሉትን ፎቶዎች ቁጥርና የቪዲዮውን ርዝመት ይጻፉ። ያልተስተካከሉት ፎቶዎች በፍላሽ ይሰጡ እንደሆነም ብዙ ደንበኛ ይጠይቃል። የርክክቡን ጊዜ ሲወስኑ የፎቶ ቤቱን ሥራ ይመልከቱ፦ በጥርና በግንቦት ሥራ ስለሚደራረብበት በክረምት በ30 ቀን የሚያስረክበው ያን ጊዜ ላይችል ይችላል። ዓመቱን ሙሉ ሊፈጽሙት የሚችሉትን ቀን ይጻፉ።

ደንበኛው የራሱን ፎቶ አንሺ ማምጣት ይችል እንደሆነ፣ ክፍያም ካለበት ያንንም ይግለጹ። ዘመድ የሆነ ፎቶ አንሺ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በድሮን የሚነሣ ቪዲዮ በብሮሹር ላይ ቃል ከመግባትዎ በፊት ፎቶ ቤቱ ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ያለው መሆኑን ወረቀቱን አይተው ያረጋግጡ። ፈቃዱ ከሌለ ወይም ካልታደሰ ቃሉን የሚያጥፉት እርስዎ ነዎት።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ በብሮሹሩ ላይ የሚያወጡት የቀድሞ ሙሽሮች ፎቶ ፈቃዳቸውን ይጠይቃል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ፎቶ አንሺውም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በሥራው ላይ መብት አለው። የሁለቱንም ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ። ሙሽሮቹ ከተለያዩ ወይም ወደ ውጭ ከሄዱ በኋላ ፈቃድ መጠየቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ አዳራሹን ሲከራዩ በውሉ ላይ በተለየ አንቀጽ ማስፈረም ይቀላል።

7. አንቀጹን በአራት ዐረፍተ ነገር ይጻፉት

አሁን ቁጥሮቹ በእጅዎ ናቸው። የኤ4 ወረቀት ለሦስት ሲታጠፍ የአንዱ ገጽታ ስፋት 9.9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዳርና ዳር ክፍት ሲተው ለጽሑፉ ከ8 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ይቀራል። በዚህ ላይ በምቾት የሚነበበው አንቀጽ 100 ቃል ገደማ ነው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሰዉን ብዛት፣ ሁለተኛው ምግቡን፣ ሦስተኛው መጠጡንና ዋጋውን፣ አራተኛው ፎቶውን ይያዝ። ቅደም ተከተሉ ደንበኛው ከሚጠይቅበት ቅደም ተከተል ጋር አንድ ስለሆነ አይለውጡት። የያዝነው አዳራሽ አንቀጽ እንዲህ ይሆናል፤ ክፍት ቦታው ውስጥ የእርስዎን ዋጋና ቀን ይሙሉ፦

«አዳራሻችን የሙሽሮች መድረክ፣ ሁለት የቡፌ መስመርና የመጨፈሪያ ቦታ ተዘጋጅቶ 260 ተጋባዦችን በ26 ክብ ጠረጴዛዎች ዙሪያ አስቀምጦ ያስተናግዳል፤ ከሁሉም መቀመጫ መድረኩ ይታያል። ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ጥብስና ክትፎ ከነማባያቸው፣ እንዲሁም የጾም ምግብ በቀኑ ልክ ተመጥኖ ይቀርባል፤ ለሙስሊም ተጋባዦች በሙስሊም አራጅ የታረደ ሥጋ በተለየ ዕቃና ማዕድ ይዘጋጃል። ለስላሳ፣ ውኃና ቢራ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት የሚቀርቡ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ያዘጋጀው ጠላና ጠጅ ያለ ክፍያ ይገባል፤ ታክስና የአገልግሎት ክፍያን ጨምሮ የአንድ ሰው ዋጋ ____ ብር ነው፤ ይህም እስከ ____ ቀን ____ ዓ.ም. ይጸናል። በተጨማሪ ክፍያ አንድ ፎቶ አንሺና አንድ ቪዲዮ ቀራጭ ሙሽሮቹ ወደ አዳራሹ ከሚገቡበት እስከሚሸኙበት፣ ወይም በሙሉ ቀን ፓኬጅ ከሙሽሪት ቤት ጀምሮ ይከተላሉ፤ ባለ 20 ቅጠል አልበም፣ 300 የተስተካከሉ ፎቶዎችና ሙሉ ቪዲዮ በ60 ቀን ውስጥ ይረከባሉ።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «ውብ»፣ «ማራኪ»፣ «ልዩ» የሚል ቃል የለም። ውበቱን ፎቶዎቹ ያሳያሉ፤ አንቀጹ የሚያሳየው ፎቶ የማያሳየውን ነው።

8. ለማተሚያ ቤት ከመስጠትዎ በፊት በሦስት ሰው ያስነብቡት

አንደኛው ምግብ አዘጋጁ ይሁን፤ እያንዳንዱን የምግብ ስም በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረ «ይህን አቀርባለሁ» ይበል። ሁለተኛው ፎቶ አንሺው ይሁን፤ ስለ ቁጥሩና ስለ ቀኑ ይፈርም። ሦስተኛው አዳራሹን አይቶ የማያውቅ ሰው ይሁን። ለእርሱ አንቀጹን አንዴ ብቻ ያስነብቡትና ወረቀቱን ተቀብለው «ስንት ሰው ይቀመጣል? ጠላ ማምጣት ይቻላል? ፎቶ አንሺው ቤት ይመጣል?» ብለው ይጠይቁት። ያልመለሰው ጥያቄ ያለበት ዐረፍተ ነገር እንደገና ይጻፍ።

ወደ ማተሚያ ቤቱ የሚልኩት ፋይል ፒዲኤፍ ይሁን፣ ፊደሉም በውስጡ የተካተተ። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደ ማይነበብ ምልክት ይለወጣል፤ በዩኒኮድ የተጻፈ ከሆነ ግን ችግሩ እምብዛም አያጋጥምም። የሙከራ ቅጂ በወረቀት ታትሞ ይምጣልዎ፤ በተለይ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ያረጋግጡ፤ 260 የነበረው 620 ሆኖ ቢወጣ በስክሪን ላይ ዓይን ይዘለዋል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

የቆመውን ሰው ከተቀመጠው ጋር መቁጠር። ምልክቱ ቁጥሩ ለ10 ወይም ለ8 የማይካፈል ወይም ድፍን መቶ ወይም ሺሕ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ «500»፣ «1,000» የሚል ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የተገመተ እንጂ የተለካ አይደለም። ጠረጴዛዎቹን ቆጥረው ይፈትሹት።

ግቢውን ከአዳራሹ ጋር ማዳመር። ድንኳን ሲተከልበት 100 ሰው የሚይዝ ግቢ ካለዎት ለብቻው ይጻፉት፤ በሰኔ ዝናብ ሲመጣ ያ 100 ሰው ወደ ውስጥ ሊገባ ስለማይችል።

የሌላ አዳራሽ አንቀጽ ገልብጦ ስምና ቁጥር ብቻ መለወጥ። እርሱ ጄኔሬተር ስላለው «መብራት አይቋረጥም» ብሎ ጽፎ ይሆናል፤ የእርስዎ ጄኔሬተር ግን ለወጥ ቤቱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ መብራት በሄደ ቅጽበት ሙዚቃውም ካሜራውም ይቆማል። ጄኔሬተሩ የትኞቹን እንደሚያንቀሳቅስ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጠይቀው ያንኑ ብቻ ይጻፉ።

«ነፃ» የሚለውን ቃል ማብዛት። ኬክ፣ ዲኮርና የሙሽሮች መኪና በነፃ ይሰጣሉ ተብሎ ሲጻፍ የኬኩ ክብደት፣ የዲኮሩ ዓይነት፣ የመኪናው ሰዓት ካልተገለጸ ደንበኛው በዓይነ ኅሊናው ትልቁን ይሥላል። መጠኑን መጻፍ ካልፈለጉ ነገሩንም አይጥቀሱት።

አሮጌውን ብሮሹር አለመሰብሰብ። ዋጋና ቁጥር ተለውጦ አዲስ ሲታተም የቀድሞው በእንግዳ መቀበያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ተቀባይዋም ሳታውቅ ለደንበኛ ትሰጠዋለች። በእያንዳንዱ እትም ግርጌ በትንሽ ፊደል የታተመበትን ወርና ዓመት ያስገቡ፤ አዲሱ በመጣ ቀን አሮጌውን ከመሳቢያውም፣ ከአጋር ፎቶ ቤቱም፣ ከዲኮር ሠሪውም ሰብስበው ያስወግዱት።